ከሥራ ስትቀነሱ «ጠቁሙኝ» የሚለውን መልእክት የት ትለጥፉታላችሁ? በግል፣ በቴሌግራም፣ በፌስቡክ ወይስ በሊንክድኢን

ባለፈው ሰኔ 30 የምሠራበት ፕሮጀክት በጀቱ ተቋርጦ ተዘጋ። ጅማ ላይ የመድኃኒትና የሕክምና ዕቃ መጋዘን ይዤ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። የዚያኑ ዕለት ማታ ፌስቡክ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

> ውድ ጓደኞቼ፣ በሕይወቴ ከባድ ጊዜ ላይ ነኝ። 6 ዓመት ካገለገልኩበት ድርጅት ያለ ምንም ጥፋቴ ተባርሬያለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ያገኘሁትን ማንኛውንም ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። እባካችሁ ሥራ አስገቡኝ።

በሁለት ቀን ውስጥ ከመቶ በላይ ሰው መለሰልኝ። «አይዞህ»፣ «ፈጣሪ የተሻለውን ያዘጋጅልህ»፣ «በርታ ወንድሜ»። ከልባቸው ነው፤ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። የሥራ ጥቆማ ግን አንድም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን የቀድሞ አለቃዬ ደወሉ። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «እኔ ይህን ከፌስቡክ ልስማው?» አሉኝ። ድምፃቸው ቅር ማለታቸውን ይናገራል። እውነታቸውን ነው።

የተሳሳትኩት ሁለት ቦታ ላይ ነበር። ጽሑፉም የማይሠራ ነበር፤ የጀመርኩበትም ቦታ። ከዚያ በኋላ ጽሑፉን እንደገና ጽፌ በአራቱም መንገድ ሞከርኩት። ይህን የምጽፈው እንደኔ መጋዘን፣ ሒሳብ፣ ሹፌርነት ወይም የፕሮጀክት ሥራ ላይ ቆይታችሁ ለተቀነሳችሁ፣ አሁን ስልካችሁን ይዛችሁ «የት ልጻፈው?» ለምትሉ ነው።

## መጀመሪያ መለኪያዎቹ

አንደኛው መለኪያ መልእክቱ ሥራ ቀድሞ የሚሰማ ሰው ጋ መድረሱ ነው። ጅማ ላይ በግል ድርጅትና በቡና ንግድ ውስጥ ብዙ ክፍት ቦታ ማስታወቂያ ሳይወጣለት በሰው በሰው ይሞላል። የንብረት ክፍሉ ልጅ ሊለቅ መሆኑን መጀመሪያ የሚሰሙት ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ሹፌሩና ጥበቃው ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ራሱ አንዳንዴ ከእነሱ በኋላ ነው የሚያውቀው።

ሁለተኛው፣ መልእክቱ ለማያውቃችሁ ሰው ሲተላለፍ ራሱን ችሎ መቆሙ ነው። ጥቆማ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከጓደኛችሁ ሳይሆን ከጓደኛችሁ ጓደኛ ነው። እሱ ደግሞ እናንተን አያውቅም። የሚያየው ጽሑፉን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምን ያህል ያጋልጣችኋል የሚለው ነው። ስልክ ቁጥራችሁን ማን ያገኘዋል? የቀድሞ ድርጅታችሁ ሲያነበው ምን ይላል? ልጆቻችሁ ከዓመት በኋላ ቢያነቡትስ?

አራተኛው፣ ጽሑፉ ስንት ቀን ሰው ዓይን ላይ ይቆያል የሚለው ነው።

ገንዘብን በተመለከተ አራቱም መንገዶች ከዳታ ጥቅልና ከስልክ ጥሪ የዘለለ ወጪ የላቸውም። ዋናው ጥያቄ ስንት ወር መቆየት ትችላላችሁ የሚለው ነው። ይህን ከመለጠፋችሁ በፊት አስሉት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። ምክንያቱ የሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል። በ6 ዓመት አገልግሎት 30 ሲደመር 50 ሲደመር 60፣ የ140 ቀን ደመወዝ ይሆናል። አራት ወር ተኩል ገደማ ማለት ነው። አራት ወር ያለው ሰውና ሦስት ሳምንት ያለው ሰው አንድ ዓይነት መልእክት አይለጥፉም።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ከፈለጋችሁ ከአራቱ አንዱም ብዙ አይጠቅማችሁም። እዚያ ቅጥር በማስታወቂያ፣ በምዝገባና በፈተና ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳውንና አዲስ ዘመን ጋዜጣን መከታተል ይሻላል።

## ጽሑፉ፦ ለአራቱም የሚሆን አንድ መልእክት

የትም ብትለጥፉት ጽሑፉ ካልተስተካከለ ቦታው አያድነውም። ሁለተኛው ጽሑፌ ይህ ነበር፦

> ሰላም ወዳጆቼ። የምሠራበት ፕሮጀክት በጀቱ በመቋረጡ በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ሥራዬ ሰኔ 30 አብቅቷል። ላለፉት 6 ዓመታት ጅማ ላይ የመድኃኒትና የሕክምና ዕቃ መጋዘን ይዤ ለ11 ጤና ጣቢያዎች ሳከፋፍል ቆይቻለሁ። በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ፣ በየወሩም ቆጠራ እሠራለሁ። አማርኛና አፋን ኦሮሞ እጽፋለሁ፣ እናገራለሁ።
>
> አሁን የምፈልገው የንብረት ክፍል ወይም የመጋዘን ሥራ ነው፤ ጅማ፣ አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት። በቡና ሳይት ላይ ለወቅቱ ብቻ የሚሆን ሥራም እቀበላለሁ። ዋስ አለኝ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሥራ መግባት እችላለሁ።
>
> እንዲህ ያለ ቦታ ሊከፈት መሆኑን ከሰማችሁ ወይም የንብረት ክፍል ኃላፊ የምታውቁ ከሆነ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል። ሲቪና የሥራ ልምድ ማስረጃ በቴሌግራም እልካለሁ። ሐምሌ 12 የተጻፈ።

ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡትና እዩት። «ተባርሬያለሁ» ወጥቶ «በሠራተኛ ቅነሳ» ገብቷል። እኛ ጋ «ተባረረ» ሲባል ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ምን አጥፍቶ?» ነው። «ያለ ጥፋቴ» ብላችሁ ብትጨምሩበት ጥርጣሬው ይብሳል። በተለይ መጋዘን ይዞ የነበረ ሰው «ተባረርኩ» ካለ ዕቃ የጎደለበት ይመስላል። «ተሰናበትኩ» የሚለውም ያምታታል፤ በፈቃዱ የለቀቀም የተቀጣም ሰው እንደዚያ ይላል። «ቅነሳ» ወይም «ፕሮጀክቱ ተዘጋ» ሲባል ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ ማስረዳት አያስፈልግም።

«ሥራ አስገቡኝ» የሚለውም ወጥቶ «ጠቁሙኝ» ሆኗል። ክብር የሚጠበቀው እዚህች ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። «አስገባኝ» የተባለ ሰው ማስገባት ካልቻለ ያፍራል፤ ስላፈረም ዝም ይላል። ቢችል እንኳ ስሙን ማስያዝ ይሆንበታል። «ጠቁመኝ» የተባለ ሰው ግን የሚጠበቅበት የሰማውን መናገር ብቻ ነው። ያ ለማንም አይከብድም።

ከሁሉ በላይ ለውጥ ያመጣችው «ዋስ አለኝ» የምትለዋ ሁለት ቃል ናት። ለንብረት ክፍል፣ ለገንዘብ ያዥነትና ለሹፌርነት ብዙ ቀጣሪ ዋስ ይጠይቃል። ሥራ ፈላጊ የሚያውቅ ሰው ልቡ የሚፈራው ይህን ነው፤ «ብጠቁመው ነገ ዋስ ሁነኝ ይለኛል»። የሥራ ባልደረባዬ የነበረች አንዲት እህት ኋላ ላይ እንዲህ አለችኝ፦ «የመጀመሪያውን ስታወጣው አጋሮ አንድ ቦታ እንዳለ ሰምቼ ነበር። ግን ባለቤቴ ዋስ ሊሆን አይችልም፣ በሌላ ሰው ተይዟል። ስለዚህ ዝም አልኩ።» ዋስ ካላችሁ ጻፉት። ከሌላችሁ መልእክቱን ከመለጠፋችሁ በፊት ዋስ ፈልጉ።

«ማንኛውንም ሥራ» የሚለውም መቅረት አለበት። ሰው ጭንቅላት ውስጥ አይቀመጥም። «የንብረት ክፍል፣ አጋሮ» ሲባል ግን አንባቢው ወዲያው አንድ ሰው ትዝ ይለዋል። አማራጭ ማስፋት ከፈለጋችሁ ሁለተኛ የሥራ ዓይነት በስሙ ጨምሩ፤ እኔ የቡና ሳይቱን እንደጨመርኩት። የቀይ እሸት ለቀማ ጥቅምት አካባቢ ስለሚጀምር ሳይቶች መዛኝና ንብረት ያዥ የሚያስቡት ከዚያ ቀደም ብለው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መጻፍ ለዚህ ጥሩ ጊዜ ነው።

ልጆቼን ያወጣኋቸው አፍሬባቸው አይደለም። ቀጣሪ ለልጅ ብሎ መጋዘን አያስረክብም። የልጆቼ ችግር ደግሞ የራሳቸው ነው፤ ሳልጠይቃቸው አደባባይ ላወጣው አይገባኝም ነበር።

## አንድ በአንድ፦ በግል መልእክትና በስልክ

በእኔ ግምት ከአራቱ ጠንካራው ይህ ነው። ቅደም ተከተሉም ከዚህ ይጀምር። 20 ሰው ጻፉ፦ የቀድሞ አለቆች፣ አብረዋችሁ የሠሩ፣ ዕቃ ያቀርቡላችሁ የነበሩ ነጋዴዎች፣ ሹፌሮች። ለታላላቆች ይደወላል፤ ጽሑፉ ከዚያ በኋላ ይላካል። ለጓደኛ ጽሑፉ ቀድሞ ቢሄድ ችግር የለውም።

አለቃዬን ይቅርታ ከጠየቅሁ በኋላ የላክሁላቸው ይህ ነው፦

> ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በስልክ እንደነገርኩዎት ፕሮጀክቱ ተዘግቷል። ከዚህ በታች ያለው ስለ ሥራዬ የጻፍኩት ነው። ከሚያውቋቸው ሰዎች ለሚጠቅም ቢያስተላልፉልኝ አመሰግናለሁ። በማንም ላይ ጫና እንዲያደርጉልኝ አይደለም፤ እንዲያውቁት ብቻ ነው።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዉአት። እሳቸው ሰው ፊት ቀርበው ለመለመን እንዳልተጠየቁ ትነግራቸዋለች።

የዚህ መንገድ ድክመት አድካሚነቱ ነው። በቀን ከአምስት ሰው በላይ ማናገር እኔ አልቻልኩም። እያንዳንዱ ሰው «ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ታሪኩን መድገም ልብ ያደክማል። ሁለት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅታችሁ ያዙ፤ «በጀቱ ተቋርጦ ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ክፍያዬንም ማስረጃዬንም ተቀብያለሁ።» ከዚያ ወደ ሥራው አምሩ።

አልሠራ እንዳለ የምታውቁት እንዲህ ነው። ከ20 ሰው አንዱም «እስቲ እገሌን ልጠይቅልህ» ካላለ፣ ወይ ሰዎቹ ከሙያችሁ የራቁ ናቸው፤ ወይ የፈለጋችሁት ሥራ በግልጽ አልገባቸውም።

## በቴሌግራም ግሩፕ

ለጅማ ከግል መልእክት ቀጥሎ የምመርጠው ቴሌግራም ነው። ከዩኒቨርሲቲ አብረዋችሁ የተመረቁ፣ የቀድሞ ባልደረቦች፣ የሰፈር፣ የዕቁብ ግሩፕ ይኖራችኋል። እዚያ ውስጥ ያለ ሰው ቢያንስ በስም ያውቃችኋል። ጽሑፉ ሲተላለፍም እንዳለ ነው የሚሄደው፤ ሰው በራሱ ቃል አያዛባውም።

ሥራ የሚለጠፍባቸው ትልልቅ ቻናሎች ሌላ ነገር ናቸው። እዚያ ማስታወቂያ ይነበባል እንጂ የእናንተ መልእክት አይታይም። አትድከሙ።

ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ማስተካከያ ፈትሹ። ቴሌግራም ላይ Privacy and Security ውስጥ Forwarded Messages የሚል አለ። እሱ Nobody ላይ ከሆነ፣ ጽሑፋችሁ ሲተላለፍ ስማችሁ ቢታይም ሰው ነክቶት ወደ እናንተ መምጣት አይችልም። ሰርቦ ያለ አንድ ሰው ጽሑፌን አይቶ ሊያገኘኝ አንድ ሳምንት ፈጅቶበታል፤ ምክንያቱ ይህ ነበር። Everybody አድርጉት ወይም የተጠቃሚ ስማችሁን ጽሑፉ መጨረሻ ላይ አስገቡ። የተጠቃሚ ስም ካላችሁ ስልክ ቁጥር መለጠፍ አያስፈልግም።

ቀን መጻፍ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። እናንተ የራሳችሁን ጽሑፍ ብታስተካክሉ የተላለፈው ቅጂ አብሮ አይስተካከልም። በመስከረም የደረሰው ሰው የሐምሌ መሆኑን ማወቅ አለበት።

በፎቶ ወይም በድምፅ አትላኩት። ፎቶ ላይ ያለ ጽሑፍ አይቀዳም፤ ድምፅን ደግሞ ሰው ለአለቃው ማስተላለፍ ይከብደዋል። ጅማ ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሁለት የተለያየ መልእክት ብታዘጋጁ ይመረጣል፤ አንድ ላይ ከደረደራችኋቸው ይረዝማል። የአፋን ኦሮሞውን ጥሩ የሚጽፍ ሰው ያንብብላችሁ። የተሳሳተ ጽሑፍ «እጽፋለሁ» ያላችሁትን ያፈርሰዋል።

## በፌስቡክ

ብዙ ሰው ያየዋል፤ ብዙው ግን ያዝናል እንጂ አይጠቁምም። ይህ የሰው ክፋት አይደለም። ፌስቡክ ላይ ያለው ወዳጃችን የተደበላለቀ ነው፦ የልጅነት ጓደኛ፣ ዘመድ፣ ውጭ አገር ያለ የአክስት ልጅ። አብዛኛው ለሙያችሁ ሩቅ ነው።

ሆኖም ከጅማ ውጭ ሄዶ ለመሥራት ዝግጁ ለሆነ ሰው ጥቅም አለው። ያኔ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ፌስቡክ ረጅም ጽሑፍን ከጥቂት መስመር በኋላ ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ የሥራው ዓይነትና ቦታው መጀመሪያ መስመሮች ላይ ይምጣ። ሌላው፣ ጽሑፉ Friends ተብሎ ከተለጠፈ፣ ሰዎች ሼር ቢያደርጉትም የእናንተ ወዳጅ ያልሆነ አያየውም። ብዙ ሰው ሼር አድርጎላችሁ ምንም ካልመጣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ይሁን። ወዳጃችሁ ያልሆነ አንድ ሰው ስልኩን ከፍቶ ይፈልገው፤ ካላገኘው Public አድርጉት።

ለሁሉም ክፍት ስታደርጉት አጭበርባሪም ያያችኋል። ለእኔ በአንድ ሳምንት ሁለት መጡ። አንደኛው «ቦታው ተይዞልሃል፣ የመመዝገቢያ በቴሌብር ላክ» አለ። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መሠረት ለአገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲ ከሥራ ፈላጊው ክፍያ መቀበል አይችልም። ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ነገሩ እዚያው ያበቃል። የዲግሪ ወረቀትና የፋይዳ ካርድ ፎቶም አትለጥፉ።

ስለ ቀድሞው ድርጅት ክፉ ቃል አትጻፉ። ያልተከፈለ ካለ መብታችሁን በጽሑፍና በሕግ ጠይቁ፤ እዚህ ግን አይደለም። አዲሱ ቀጣሪ የሚደውለው እዚያው ድርጅት ነው።

## በሊንክድኢን

መያድ፣ ባንክ ወይም አዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው ድርጅት ለሚፈልግ ሰው ይሆናል። የጅማ ቡና ነጋዴ ንብረት ያዥ የሚፈልገው እዚያ አይደለም። የምትጽፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ፕሮፋይሉ ካልተሞላ ጽሑፉ ብቻውን አይጠቅምም። ሙሉ ቀን ይወስዳል።

Open to Work የሚለው ምልክት ሁለት ምርጫ አለው፦ ለሁሉም እንዲታይ ወይም ለቀጣሪዎች ብቻ። ከተቀነሳችሁ በኋላ የምትደብቁት የለም፤ ለሁሉም አድርጉት። ገና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ላይ ካላችሁና ድርጅቱ ውስጥ ገና ያልተነገራቸው ባልደረቦች ካሉ ግን ለቀጣሪዎች ብቻ ይሁን።

## በአንድ ዓይን

| | ቀድሞ ሰሚ ጋ መድረስ | ራሱን ችሎ መተላለፍ | መጋለጥ | ዕድሜ | ድካም |
|---|---|---|---|---|---|
| በግል | በጣም ጥሩ | ጥሩ፣ ጽሑፉ ከተላከ | ትንሽ | ሰውየው እስካስታወሰ | ብዙ |
| ቴሌግራም ግሩፕ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | ጥቂት ቀን፣ ከተላለፈ ሳምንታት | ትንሽ |
| ፌስቡክ | ደካማ | Public ከሆነ ብቻ | ብዙ | ሁለት ሦስት ቀን | ትንሽ |
| ሊንክድኢን | ለመያድና ለአዲስ አበባ ብቻ | ጥሩ | መካከለኛ | ጽሑፉ ቀናት፣ ፕሮፋይሉ ወራት | መጀመሪያ ብዙ |

## ለእናንተ የትኛው?

አራት ወር የሚያቆይ ክፍያ ካላችሁ አትቸኩሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ለሥራ ልምድ ማስረጃና ለዋስ አውሉት። ማስረጃውን መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ሰዎቹ ከመበታተናቸው በፊት ተቀበሉት። ሁለተኛውን ሳምንት ለ20ው ሰው። ከዚያ ቴሌግራም። ፌስቡክን በሁለተኛው ወር ብትሞክሩት በቂ ነው።

የሦስት ሳምንት ገንዘብ ብቻ ካላችሁ ለአሥር ሰው ዛሬና ነገ ደውሉ፤ ቴሌግራሙንም በማግስቱ ለጥፉ። የወቅት ሥራን ጽሑፉ ላይ አስቀድሙ። ዋናውን ሥራ እየሠራችሁ ትፈልጉታላችሁ።

ጅማን መልቀቅ ለማትችሉ፣ ቤተሰብ ለምታስታምሙ፣ በግልና በቴሌግራም ብቻ ተወሰኑ። መሄድ የምትችሉ ፌስቡክና ሊንክድኢን ጨምሩ፤ ግን የምትሄዱበትን ከተማ በስም ጥቀሱ።

ከተቀነሳችሁ ገና አሥር ቀን ላልሞላችሁና ንዴቱ ላልበረደላችሁ፣ ጽሑፉን ጻፉና ለአንድ ታላቅ ሰው አስነብቡ። አደባባይ አታውጡት።

እኔን ጥቆማው ያገኘኝ ከቴሌግራም ነው። ያች «ዋስ» ብላ ዝም ያለችው እህት ሁለተኛውን ጽሑፍ ለወንድሟ አስተላለፈችው። ወንድሟ አጋሮ ላሉ የቡና መጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ ላከላቸው። እሳቸው አያውቁኝም ነበር። የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው፦ «ዋሱ የጅማ ነው የአጋሮ?» እና «ነሐሴ 1 ትመጣለህ?»። ሥራ በጀመርኩ ማግስት ለአለቃዬ በስልክ ነገርኳቸው፤ ይህኛውን ከእኔ አፍ ነው የሰሙት። ከዚያ በየግሩፑ «ሥራ ይዣለሁ፣ ስለ ጥቆማችሁ አመሰግናለሁ» ብዬ ጻፍኩና የፌስቡኩን ጽሑፍ ዘጋሁት።